«ባዶግሊዮ ደግሞ ማነው?»፦ የውጭ ስሞችን በአንድ ሰነድ ውስጥ አንድ አድርጎ ስለመጻፍ

ረቂቁን አትሜ የሰጠኋቸው ለጎረቤቴ ለጋሼ ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ስለ ጣሊያን ወረራ ሦስት ሆነን ከእንግሊዝኛ የተረጎምነው ባለ 96 ገጽ ጽሑፍ ነበር። የሦስታችንን ክፍል አገጣጥሜ አንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ይዘው በሬን አንኳኩ። እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ ነው።

«ልጄ፣ ባዶሊዮን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ይሄ ባዶግሊዮ የምትሉት ሰውዬ ደግሞ ማነው?»

አብረን ተቀምጠን ገጽ በገጽ አየን። ገጽ 14 ላይ «ባዶሊዮ» ይላል። ገጽ 38 ላይ «ባዶግሊዮ»። ገጽ 57 ላይ ደግሞ «ማርሻል ጴጥሮስ»። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ፒየትሮ ባዶሊዮ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጣሊያን ጦር አዛዥ። ጋሼን በጣም ያስቆጣቸው ግን ሦስተኛው ነው። ያው ምዕራፍ ስለ አቡነ ጴጥሮስም ያወራል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያኖች የተረሸኑ ሰማዕት ናቸው። በአንድ ገጽ ላይ ወራሪም ሰማዕትም «ጴጥሮስ» ሲባሉ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ከሦስታችን አንዳችንም የታሪክ ስህተት አልሠራንም። እያንዳንዳችን በየራሳችን ክፍል ውስጥ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበርን። ጥፋቱ የመጣው ክፍሎቹ ሲገናኙ ነው። ከዚያ ወዲህ የውጭ ስም የበዛበት ሰነድ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ስሞቹን ነው። የተማርኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ጉዳዩ የሚጀምረው በንባብ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስሞቹ ግን የጣሊያን ናቸው። እንግሊዝኛ ስንተረጉም ጆሯችን ሳናውቀው ሁሉንም ስም እንደ እንግሊዝኛ ያነባል። ለምሳሌ በአድዋ ጦርነት አንዱን ብርጌድ የመራው ጄኔራል አልቤርቶኔ ነው። የላቲን ስሙ መጨረሻ ላይ «ኢ» የምንላት ፊደል አለች። እንግሊዝኛ ለለመደ ዓይን ያቺ ፊደል ድምፅ የላትም፤ ስለዚህ ከሦስታችን አንዱ «አልበርቶን» ብሎ ጻፈ። ጣሊያንኛ ግን በቃል መጨረሻ ያለችውን አናባቢ ያነባል፤ እዚህም ጥርት ያለች «ኤ» ናት። ባዶሊዮም ላይ የሆነው ይኸው ነው። በጣሊያንኛ «ጂ» እና «ኤል» ተከታትለው ከ«አይ» ጋር ሲመጡ «ጂ»ዋ አትነበብም፤ ላላ ያለ «ል» ብቻ ነው የሚሰማው። ፊደል በፊደል የገለበጠ ሰው «ባዶግሊዮ» ማለቱ አይቀርም።

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ነው። የጣሊያንኛን ንባብ እኛ ከድሮ ጀምሮ እናውቀዋለን። ሰው ካፌ ገብቶ «ማቺያቶ» ብሎ አያዝም፤ ማኪያቶ ነው የሚለው። መኪናውን የሚያሳጥበው ላቫጆ ነው እንጂ «ላቫጊዮ» አይደለም። ኳስ ሲመታ ካልቾ ይላል። ምግብ ቤት ሲገባ ላዛኛ ይበላል፤ «ላሳግና» ያለ ሰው አልገጠመኝም። አባቶቻችን እነዚህን ቃላት በጆሯቸው ነው የተቀበሏቸው፤ ወረቀት ላይ አንብበው አይደለም። ስለዚህ አንድ የጣሊያን ስም ሲያስቸግረኝ ያው ፊደል ያለበትን የሰፈር ቃል እፈልጋለሁ። የ«ላዛኛ» «ኛ» ቦሎኛ የምትባለውንም ከተማ ትጽፍልኛለች፤ «ቦሎግና» ማለት አያስፈልገኝም።

ከዚህ የወጡ ሁለት ልማዶች አሉኝ። የጣሊያን «ኤ» ሁልጊዜ በኃምስ ትጻፋለች፤ ፒሬሊ እንጂ ፒረሊ አይደለም፣ ቬስፓ እንጂ ቨስፓ አይደለም። በላቲን ተደራርበው የተጻፉ ፊደላትን ደግሞ አልደግማቸውም። አማርኛ ጥብቀትን በጽሑፍ አያሳይም። አምባ አላጌ ላይ የሞተው ሻለቃ ቶሴሊ ነው፤ «ቶሴልሊ» አይደለም። አንባቢው ማጥበቁን ራሱ ያውቅበታል።

እነዚህ ልማዶች ግን የሚሠሩት ለአዲስ ስም ብቻ ነው። አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን ስም ማንም መንካት የለበትም። ግራዚያኒን ውሰዱ። በጣሊያንኛ አነባበብ ከሄድን ወደ «ግራትሲያኒ» ይጠጋል። ነገር ግን የየካቲት 12ን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁሉ ግራዚያኒ ነው የሚለው። ያንን ማስተካከል ማለት የታወቀውን ሰው ወደ እንግዳ መቀየር ነው። ያችው የላቲን «ዜድ» በፒያሳ ውስጥ «ሳ» ሆናለች፣ በፒዛ ውስጥ ደግሞ «ዛ»። ሦስቱንም እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። በአንድ ሰነድ ውስጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ስም ከራሱ ጋር ይስማማ። ፒያሳ ከፒዛ ጋር መስማማት የለባትም። ፒያሳ ግን ገጽ 3 ላይ ፒያሳ፣ ገጽ 70 ላይ ፒያዛ መሆን አትችልም።

ሌላው ነገር የሰው ስም አጠራራችን ነው። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ተከታይ ነው። ጣሊያኖችና እንግሊዞች ደግሞ መጀመሪያ ሙሉ ስሙን ይጽፉና ከዚያ በቤተሰብ ስም ይቀጥላሉ። ከመካከላችን አንዱ በእኛ ልማድ ሄዶ «ማርሻል ፒየትሮ» ሲል ከረመ፤ ከዚያ ፒየትሮን ወደ ጴጥሮስ አዞረው። ሌሎቻችን «ባዶሊዮ» አልን። አንባቢ እነዚህ ሁለት ሰዎች አለመሆናቸውን በምን ያውቃል? የማዕረግ ስምም እንደዚሁ ያሳስታል። በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒን የተካው ሰው በአንዱ ክፍል «ዱክ ዳኦስታ» ነው፣ በሌላው «የአኦስታው መስፍን» ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አብረው ሲመጡ ግን ጣሊያን ሁለት እንደራሴ የላከች ይመስላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ውሳኔ ያስፈልገዋል፤ መጀመሪያ ሲጠራ እንዴት እንደሚጻፍና ከዚያ በኋላ በምን እንደሚቀጥል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። «ችግር የለም፣ መጨረሻ ላይ ፈልጌ እተካዋለሁ» እንላለን። እኔም ብያለሁ። በአማርኛ ግን ፍለጋ እንደዚያ ቀላል አይደለም።

የመኪናውን ስም ፊያትን እንየው። በረቂቃችን ውስጥ በሦስት መልክ ተጽፏል፤ ፊያት፣ ፊአት እና ፍያት። «ፊአት»ን ፈልጌ በ«ፊያት» ተካሁ። ጨረስኩ ብዬ ደስ አለኝ። ጋሼ በሁለተኛው ንባብ «ፊአቶቹ» የሚል አገኙ፤ ከዚያም «ፊአቱ»። ለምን አመለጡኝ? አማርኛ ከኋላ ቅጥያ ሲጨምር የመጨረሻውን ፊደል ይለውጠዋል። «ት» ብዙ ቁጥር ሲመጣ «ቶ» ትሆናለች፤ «ኡ» ሲመጣ «ቱ» ትሆናለች። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ት» ሌላ፣ «ቶ» ሌላ፣ «ቱ» ሌላ ነው። ከፊት የሚመጡት «የ»፣ «በ»፣ «ለ» ብዙም አያስቸግሩም፤ ተለጥፈው ይቀመጣሉ እንጂ የስሙን ፊደል አይነኩም። አደጋው ያለው ከጀርባ ነው።

ይህ ሁሉንም ስም አይመለከትም። ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ ፒሬሊ፣ ቬስፓ በአናባቢ ነው የሚያልቁት። ባዶሊዮን፣ ባዶሊዮም፣ ባዶሊዮና፤ የመጨረሻዋ «ዮ» አትነቃነቅም። በሳድስ የሚያልቁት ናቸው የሚያመልጡት፤ ፊያት፣ አይፎን፣ ሳምሰንግ፣ አርሰናል። የንግድ ስሞች ደግሞ በብዛት በሳድስ ያልቃሉ፤ ከዚያ በላይ ብዙ ቁጥር የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ሰው «ባዶሊዮዎች» ብሎ አይጽፍም፤ «አይፎኖች» ግን በየቀኑ ይጻፋል።

ታዲያ የመጨረሻውን ፊደል ቆርጦ መፈለግ ነው? «ፊያ» ብዬ ሞከርኩ። ሶፊያ መጣች። ማፊያ መጣ። «ጂኦግራፊያዊ» የሚለው ቃል ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩን «መጨረሻዋ ከ‹ተ› ቤተሰብ ማንኛዋም ብትሆን ተቀበል» ማለት ነው። ይህ ይቻላል። በ`LibreOffice` ውስጥ `Ctrl+H` ተጭናችሁ `Regular expressions` የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁበት በኋላ መፈለጊያው ላይ ይህን ጻፉ፦

```
[ፊፍ][ያአ]([ተ-ቷ])
```

መተኪያው ላይ ደግሞ ይህን፦

```
ፊያ$1
```

የመጀመሪያው ቅንፍ «ፊ ወይም ፍ» ይላል። ሁለተኛው «ያ ወይም አ» ይላል። ሦስተኛው ከ«ተ» እስከ «ቷ» ያሉትን ስምንቱንም ይቀበላል፤ ፊደላቱ በኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ ውስጥ በቅደም ተከተል ስለተቀመጡ ሰረዟ ትበቃለች። ክብ ቅንፉ ያገኛትን ፊደል ይይዛታል፤ `$1` ደግሞ እንዳለች ይመልሳታል። «የፍያቶቹን» የሚለው «የፊያቶቹን» ሆኖ ይወጣል፤ «ፊአቱ» ደግሞ «ፊያቱ»። የስሙ መነሻ ተስተካከለ፣ ቅጥያው አልተነካም። በሳድስ ለሚያልቅ ማንኛውም ስም ይሠራል፤ ለአይፎን መጨረሻው `[ነ-ኗ]` ይሆናል።

ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትንም በዚሁ መንገድ ማደን ይቻላል። ሙሶሊኒን በ«ሶ» የጻፈና በ«ሦ» የጻፈ ሰው አንድ ነገር ነው የጻፉት፤ ፍለጋው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያገኘው። `ሙ[ሶሦ]ሊኒ` ብትሉት ሁለቱም ይመጣሉ። እኔ ለውጭ ስም ሁልጊዜ እሳቱን «ሰ»ና አልፋውን «አ» እይዛለሁ፤ የ«ሀ»ን ድምፅ ደግሞ «ሃ» ብዬ እጽፋለሁ። «ሠ»፣ «ዐ»፣ «ሐ» በግዕዝ ሥርና ትርጉም ያላቸው ናቸው። ለጣሊያን ወይም ለኮሪያ ስም ያንን ማዋስ ለአንባቢው የሚጨምረው ነገር የለም፤ ለፈላጊው ግን ሥራ ያበዛበታል።

አሁን የምነግራችሁ ስህተት ግን የራሴ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን የጀመረው ጄኔራል ዴ ቦኖ ይባላል። በረቂቁ ውስጥ ዴ ቦኖ፣ ደ ቦኖ፣ ዴቦኖ እና ደቦኖ ሆኖ አራት ጊዜ ተወልዷል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላጥምድ ብዬ `[ዴደ] ?ቦኖ` ብዬ ፈለግኩ፤ ክፍት ቦታው ቢኖርም ባይኖርም ይቀበላል ማለት ነው። ከዚያ ሳላይ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫንኩ። በኋላ ሳነበው አንድ ቦታ ላይ ሴቶቹ እንስራ ይዘው «ወዴ ቦኖ» ሲሄዱ አገኘኋቸው። ምዕራፉ ስለ አዲስ አበባ ውሃም ያወራል። «ወደ ቦኖ» የሚለው ሐረግ ውስጥ «ደ ቦኖ» አለ። የውሃ ቦኖውን ጄኔራል አድርጌው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሁሉንም ተካ» አልነካም። አንድ በአንድ እያየሁ እቀበላለሁ ወይም እዘላለሁ። ለ96 ገጽ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አጭር ስም ሲሆን ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ማክ» የሚለውን የኮምፒውተር ስም ለመቀየር የፈለገ ሰው ማክሰኞን ሁሉ ያበላሻል። «ባዶ» ብሎ ባዶሊዮን የሚያድን ሰው ባዶ እጁን የተመለሰውን ወታደር ያገኛል። ስለዚህ ከስሙ ውስጥ ሌላ ቃል ጋ የማትገኘውን ቁራጭ መምረጥ ነው። ለባዶሊዮ «ዶግሊ» በቂ ነበረች፤ በአማርኛ ሌላ ቦታ አልገጠመችኝም።

የንግድ ስም ከሰው ስም የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ባለቤት አለው። የሰውን ስም በጆሮ እንወስናለን። የንግድ ስምን ግን መጀመሪያ የምፈልገው ባለቤቱ ራሱ በአማርኛ ጽፎት እንደሆነ ነው። የኮካ ኮላ ጠርሙስ ላይ ስሙ በፊደላችን ተጽፏል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። ሳፋሪኮምም በአማርኛ ማስታወቂያው ላይ ራሱን የሚጽፍበት መልክ አለው። ታፔላ፣ ማሸጊያ፣ ማስታወቂያ፤ እነዚህ ከማንኛውም ሕግ ይቀድማሉ። ባለቤቱ በአማርኛ ጽፎት ካልተገኘ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚለው እጠይቃለሁ። ሃዩንዳይን በኮሪያኛው አነባበብ ልጻፍ ቢባል «ህዮንዴ» ወደሚመስል ነገር ይሄዳል፤ የመለዋወጫ ሱቅ ሄዶ «ህዮንዴ» ያለ ሰው ዕቃውን አያገኝም። ቮልስዋገንም እንደዚያው ነው። ጀርመኖቹ «ፎልክስቫገን» ቢሉትም እዚህ የሚታወቀው በዚህኛው ነው። የውል ሰነድ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ቦታ የተመዘገበውን የላቲን ጽሑፍ በቅንፍ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የአማርኛውን ብቻ።

በኛ ረቂቅ ውስጥ ከንግድ ስሞቹ በጣም ያስቸገረን ላንቻ ነበር። የጣሊያን ጭነት መኪና ነው። አንዳችን «ላንሲያ» አለው፣ አንዳችን «ላንሺያ»። የአዲስ አበባ ሰው ግን ላንቻ የሚባል ሰፈር አለው፤ ስሙን ያገኘው ከዚሁ መኪና ነው ይባላል። ትክክለኛው ንባብ ከሰፈሩ ታፔላ ላይ ተጽፎ እያለ እኛ ከእንግሊዝኛ ስንፈልገው ነበር። መኪናውንም ላንቻ አልነው። ነገር ግን «በላንቻ መጡ» ሲባል በመኪናው ነው ወይስ በሰፈሩ በኩል? ስለዚህ መኪናው ሲሆን «የላንቻ ጭነት መኪና» እንድንል ተስማማን። ብዙ ቁጥሩንም «ላንቻዎች» አልነው፤ አንዱ ተርጓሚ «ላንቾች» ይል ነበር። በአፍ ደህና ነው፤ በጽሑፍ ግን መጨረሻዋን «ቻ» ስለሚውጣት ፍለጋውን ያስቸግራል።

ያንን ሥራ ከጨረስን ወዲህ አካሄዴን ቀይሬያለሁ። ከመተርጎሜ በፊት መጽሐፉን አገላብጬ ስሞቹን ብቻ በሰንጠረዥ አወጣለሁ። አንደኛው ዓምድ ስሙ በላቲን ነው። ሁለተኛው ሰውየው የየት አገር እንደሆነ፤ ምክንያቱም ያው ፊደል በጣሊያንኛ አንድ፣ በፈረንሳይኛ ሌላ ነው። ሦስተኛው የተወሰነው የአማርኛ ጽሑፍ፣ አራተኛው ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ የምንለው። አምስተኛው ዓምድ የተከለከሉት ናቸው፤ ባዶግሊዮ፣ ባዶልዮ፣ ጴጥሮስ። መጨረሻ ላይ ፍለጋው የሚሄደው በዚህ አምስተኛ ዓምድ ነው። ለ96 ገጹ 41 ስም ወጣ። በኋላ ተመልሼ ስሠራው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ የሁለት ሳምንት እርማት ይቀርልኝ ነበር። ሥራው ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ደግሞ ሰንጠረዡ ከጽሑፉ ቀድሞ ነው መከፋፈል ያለበት። አዲስ ስም የገጠመው ሰው ራሱ አይወስንም፤ ሰንጠረዡ ላይ ያስገባውና ለሌሎቹ ይነግራቸዋል።

ሁለተኛውን ረቂቅ ለጋሼ ሰጠኋቸው። በዚያኛው ሳምንት ስልክ ደወሉልኝ። «ጽሑፉ ጸድቷል» አሉኝ። «ካርታውን ግን አይተኸዋል?» አላየሁትም ነበር። ገጽ 61 ላይ የሰሜኑ ግንባር ካርታ አለ። ካርታው ሥዕል ነው፤ በላዩ ያሉት ስሞች የሥዕሉ አካል ስለሆኑ የትኛውም ፍለጋ አይደርስባቸውም። ጋሼ በአጉሊ መነፅር ነው ያዩት። ከማይጨው በስተሰሜን፣ ቀስቱ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል «የባዶግሊዮ ጦር» ይላል። ካርታውን እንደገና አስሳልነው።